አስተርጓሚ የገባበት ቤት

በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች የልጆቻቸው አማርኛ ሲነሳ ጥፋቱን በትምህርት ቤት ያሳብባሉ። «ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ እንደ እኛው ነበር የሚያወራው» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ግማሹን እውነት ነው የያዙት። ልጅ እንግሊዝኛ ስላወቀ ብቻ አማርኛ አይጠፋበትም። የሚጠፋበት ከአያቱ ጋር ለመነጋገር አማርኛ የማያስፈልገው ጊዜ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ የሚያመጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቤቱ ውስጥ ለሁሉም የሚያስብ ደግ ሰው ነው፦ መሀል ገብቶ የሚያስተረጉመው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በአንዲት አያት አጭር ታሪክ ላሳይ። ታሪኩ የአንድ ቤት አይደለም፤ ከብዙ ቤቶች የተለቃቀመ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሚኖር አንባቢ የራሱን ቤት ሊያገኝበት ይችላል።

አያቲቱ ከደሴ የመጡት ልጃቸውን ሊያርሱ ነው። ገንፎ አገነፉ፣ አጥሚት አፈሉ፣ ሕፃኑን አጠቡ። የጉብኝት ቪዛቸው ሲያልቅ ተመለሱ፤ በኋላ ልጃቸው ዜግነት ስላገኘች በእሷ በኩል የመኖሪያ ፈቃድ ወጣላቸውና ጠቅልለው መጡ። እናትና አባት በፈረቃ ስለሚሠሩ ልጁ የሚውለው ከእሳቸው ጋር ነው። እናቱን «ማሚ»፣ አያቱን «እማዬ» ይላቸዋል።

ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው አማርኛው አፍ ያስይዛል። ውሃ ሲደፋ «እኔ አይደለሁም፣ ራሱ ነው የፈሰሰው» ብሎ ይሟገታል። አያቱ ማታ ተረት ሲያወሩለት ጦጣዋ ጅቡን የምታታልልበት ቦታ ሲደርሱ ቀድሞ ይስቃል። በአንድ ነገር ብቻ ይስታል፦ አያቱን «እማዬ፣ ና ብላ!» ይላቸዋል። ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ለእሱ ለራሱ የሚባለውን ነው፤ ና፣ ብላ፣ ተኛ። ለሴትና ለታላቅ ሰው የሚባለውን የሚሰማበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤት ሲገባና ሲወጣ፣ አክስት አክስቷን ስትጠራ፣ አስተናጋጅ ሽማግሌ ሲያናግር በጆሮው ይገባ ነበር። እዚህ የሰፈሩን ሥራ የሚሠሩት አንዲት ሴት ብቻቸውን ናቸው።

አራት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤት ገባ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለአስተማሪው ዝም፣ ለአያቱ ወሬኛ ነበር። ቀስ በቀስ ተገላበጠ። በአማርኛ ሲጠይቁት በእንግሊዝኛ መመለስ ጀመረ። የሚሉትን ሁሉ ይሰማል፤ መልሱ ብቻ በሌላ ቋንቋ ይመጣል። አያቲቱ ሳይገባቸው ሲቀር ወደ ልጃቸው ይዞራሉ፤ ልጃቸውም ድስቷን እያማሰለች «ጫማው ጠቦኛል ነው የሚልሽ» ትላቸዋለች። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ግን በእነዚያ ሁለት ሰከንዶች ልጁ አንድ ነገር ተምሯል፦ በእንግሊዝኛ ቢናገርም ጫማው ይለወጥለታል።

እህቱ ስትወለድ ነገሩ ፈጠነ። እሷ አፏን የፈታችው ወንድሟ እንግሊዝኛ ይዞ በገባበት ቤት ነው። ሁለት ልጆች ሲጫወቱ የሚመርጡት የሚቀናቸውን ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ የቤቱ ጨዋታ እንግሊዝኛ ሆነ። በስደተኛ ቤተሰቦች ዘንድ የበኩር ልጅ ከታናናሾቹ የተሻለ የወላጆቹን ቋንቋ ሲናገር የሚታየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ልጅ ሲመጣ አማርኛ ከአንድ ሰው አፍ ብቻ የሚወጣ ቋንቋ ሆኖ ጠበቀው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ቋንቋው የሳሳው በልጆቹ አፍ ብቻ አይደለም፤ በአያቲቱም አፍ ነው። አያቲቱ ተረት ጀምረው «ገበሬው አውድማው ላይ…» ሲሉ «አውድማ ምንድን ነው?» ይባላሉ። አውድማን ሲያስረዱ ምርት ይመጣል፤ ምርትን ሲያስረዱ ጎተራ ይመጣል፤ ጎተራው ሳይገባቸው ልጆቹ ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። ከጥቂት ሙከራ በኋላ አያቲቱ ተረቱን ተዉት። ቀጥሎ ምሳሌያዊ አነጋገሩን ተዉት፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚስቅበት ነገር አይጣፍጥም። ቀጥሎ ቁጣቸውን እንኳ አሳጠሩት። በመጨረሻ ለልጅ ልጆቻቸው የሚናገሩት «ብላ፣ ጠጪ፣ ልበስ፣ ተኚ፣ ጎበዝ፣ ኦኬ» ብቻ ሆነ። ልጆቹ አያታቸውን የሚያውቋቸው በእነዚህ ጥቂት ቃላት ልክ ነው። ሴትዮዋ ደሴ ላይ ነገር አዋቂ፣ ተጫዋች፣ አስታራቂ እንደነበሩ ከማንም ቢሰሙ አያምኑም።

ይህ የአበሻ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። ሊሊ ዎንግ ፊልሞር የተባለች አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመችው ጥናት ከ1,000 በላይ የስደተኛና የአገሬው ተወላጅ ቤተሰቦችን ይዛ፣ ሕፃናት ገና ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛን እንዴት ወደ ቤት እንደሚያስገቡትና ከወላጆቻቸው ጋር የመነጋገር አቅማቸው እንዴት እንደሚዳከም አሳይታለች። በዚያው ዓመት የቋንቋ ማኅበረሰብ ሊቁ ጆሹዋ ፊሽማን ባወጣው መጽሐፍ፣ ቋንቋ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው በቤት ውስጥ የዕለት ተዕለት ንግግር እንደሆነ፣ ያ ከተቋረጠ ትምህርት ቤትም ሆነ መገናኛ ብዙኃን ብቻውን ሊተካው እንደማይችል አስረድቷል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበር የእሑድ ትምህርት ፊደል ያስቆጥራል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት «ሀ ሁ» ያለ ልጅ ቤቱ ገብቶ የሚያወራበት ሰው ከሌለው ፊደሉን ያነባል እንጂ አይናገርበትም።

ታዲያ በአንዳንድ ቤት ለምን ይሳካል? ቤልጅየም ውስጥ፣ በፍላንደርስ ክልል፣ አኒክ ደ ሆወር 1,900 ገደማ ቤተሰቦችን ጠይቃ በ2007 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አውጥታለች። ቤታቸው ሁለት ቋንቋ ከሚሰሙት ልጆች ውስጥ ሩብ ያህሉ አናሳውን ቋንቋ አይናገሩም ነበር። ልዩነቱን ያመጣው በዋነኝነት ወላጆች ቤት ውስጥ የሚናገሩት ነው፦ ሁለቱም ወላጆች የራሳቸውን ቋንቋ በያዙበትና የአገሩን ቋንቋ ወደ ቤት ባላስገቡበት፣ ልጆቹ ቋንቋውን የመናገር ዕድላቸው በጣም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ወላጅ የአገሩን ቋንቋ ብቻ፣ ሌላው ደግሞ ሁለቱንም እየቀላቀለ በሚናገርበት ቤት ግን ዕድሉ ዝቅ ይላል።

እንግዲህ የአያቲቱን ዋጋ በዚህ እንመዝን። አያቲቱ እንግሊዝኛ አለማወቃቸው በቤተሰቡ ዘንድ እንደ ጉድለት ይታያል። ለሐኪም ቤትና ለባንክ ሲባል በእርግጥ ጉድለት ነው። ለልጆቹ አማርኛ ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ትልቁ ሀብት ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ የግድ የሚሆንበት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እናትና አባት «በአማርኛ ተናገር» ቢሉት ልጁ እንግሊዝኛ እንደሚችሉ ያውቃል፤ ትእዛዙ ልፊያ ይመስለዋል። አያቱ ግን በእውነት አይገባቸውም። መሀል የሚገባው አስተርጓሚ ይህን ሀብት ነው የሚያባክነው።

መሀል አለመግባት ቀላል ይመስላል፤ ተግባሩ ግን ትንሽ ብልሃት ይፈልጋል። ኖርዌይ ውስጥ በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ሕፃናትን ያጠናችው ኤሊዛቤት ላንዛ፣ ልጁ በሌላው ቋንቋ ሲመልስ ታላላቆች የሚሰጡትን ምላሽ በደረጃ አስቀምጣለች። ጠንካራው «ምን አልክ?» ብሎ አልገባኝም ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው መገመት ነው፤ «ጫማው ጠበበህ ወይስ ቆሸሸ?»። ከዚያም ልጁ ያለውን በአማርኛ ደግሞ ማሰማት ነው፤ «አሃ፣ ጫማው ጠበበህ»። ደካማው ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬውን መቀጠል ወይም ራስም ወደ እንግሊዝኛ መዞር ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ለሕፃን ተስማሚው መገመት ነው። ቃሉ ለጠፋው ልጅ ቃሉን ያቀብለዋል፤ እሱ የሚቀረው መምረጥና መድገም ነው። «ምን አልክ?» ግን ቃሉን እያወቀ ለሚሰንፍ ልጅ ይሁን። ቃሉን ለማያውቅ ልጅ ደጋግሞ «ምን አልክ?» ማለት ፈተና ይሆንበትና አያቱን መሸሽ ይጀምራል። ሲሸሽ በቀላሉ ያስታውቃል፦ ወደ አያቱ መሄዱን ትቶ የሚፈልገውን ሁሉ ለእናቱ መንገር ይጀምራል። ያኔ ማላላት ያስፈልጋል።

አስተርጓሚው የሌለበት ሰዓትም መኖር አለበት። እናት ከቤት ስትወጣ አያትና ልጅ አብረው የሚሠሩት ሥራ ይኑር፤ ሽንኩርት መላጥ፣ ቡና መቁላት፣ ልብስ ማጠፍ። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ቃሉና ዕቃው አብረው ስለሚታዩ «ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ወሬውን አያቋርጠውም። ተረት ከበዳቸው በእንቆቅልሽ መጀመር ይሻላል። እንቆቅልሽ አጭር ነው፤ ያልፈታው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ያወቀውን አገር ሁሉ እየጠራ ይሰጣል፤ ሳያውቀው ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ታላቅየውን ከታናናሾቹ ጋር በአማርኛ እንዲጫወት ማስገደድ ግን አይዘልቅም፤ ከማስገደድ ይልቅ ለአያቱ የታናሾቹን ወሬ የሚያደርስ እሱ ቢሆን ይሻላል።

አንዳንድ ወላጅ ሁለት ቋንቋ ልጁን ያዘገየዋል ብሎ ይፈራል፤ ልጁ አፉን ሳይፈታ ሲቆይ ወይም አስተማሪ «ቤትም እንግሊዝኛ ተናገሩ» ሲለው አማርኛውን ያቆማል። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት እንደማያመጣ የዘርፉ ባለሙያዎች ይስማማሉ። በእውነት የዘገየ ልጅ በሁለቱም ቋንቋዎች ነው የሚዘገየው፤ እሱም የንግግር ባለሙያ ሊያየው ይገባል። አማርኛውን መከልከል የመዘግየቱን ምክንያት አያነሳም፤ አያቱን ግን ይወስድበታል።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለረፈደበት ወላጅም የምለው አለ። እንደገና እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋው አቀላጥፎ ይናገራል ብሎ ተስፋ መስጠት ማታለል ነው። ሆኖም በልጅነት የተሰማ ቋንቋ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቴሪ አው እና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በልጅነታቸው ስፓኒሽ ሲነገር እየሰሙ ያደጉ ነገር ግን ራሳቸው ብዙም ያልተናገሩ ወጣቶች፣ በኋላ ቋንቋውን ሲማሩ ድምፁን ከሌሎች ጀማሪዎች የተሻለ አውጥተውታል። «ጠ»ንና «ቀ»ን ከአያቱ የሰማ ጆሮም ለኋላ የሚጠቅመው ነገር ይዞ ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ባይመልስ እንኳ አያቲቱ ሙሉ አማርኛቸውን ማውራት አያቁሙ፤ «ብላ፣ ጠጣ»ን አልፈው ይናገሩ።

እናትና አባት ሆይ፣ ማታ ልጁ በእንግሊዝኛ ሲመልስና አያቱ ወደ እናንተ ሲዞሩ፣ አትመልሱላቸው። እርስ በርሳቸው እስኪግባቡ ጠብቁ። ያቺን ትንሽ ዝምታ የምትችሏት ከሆነ ልጁ ከአያቱ ጋር የሚያወራው ያገኛል።