ከቡድኑ አንዱ ሲጠፋ ለረዳት መምህሩ የሚጻፈው ኢሜይል

በአሜሪካና በካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ተማሪ ያለበትን ኮርስ ፕሮፌሰሩ ብቻውን አይዘልቀውም። ተማሪዎቹ በትናንሽ ክፍሎች ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱንም ክፍል አንድ ረዳት መምህር ይይዘዋል። ተማሪዎች «ቲኤ» የሚሉት ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱም የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ተማሪ ነው። የቤት ሥራ ያርማል፣ በሳምንት የተወሰኑ ሰዓታት ጥያቄ ላለው ሰው ቢሮ ይቀመጣል፣ የቡድን ሥራ ሲሰጥም በቅርብ ይከታተላል። ከቡድኑ አንዱ ሥራውን ጥሎ ሲጠፋ የመጀመሪያው ኢሜይል የሚላከውም በአብዛኛው ለእሱ ነው።

ቲኤው ግን ሁሉን አይችልም። ለጠፋው ተማሪ ይጽፋል፣ ቡድኑን ሰብስቦ ያነጋግራል፣ ሥራው እንደገና እንዲከፋፈል ይፈቅዳል፣ ለፕሮፌሰሩም ያሳውቃል። የአንድን አባል ውጤት መቀነስ ግን በብዙ ኮርሶች የፕሮፌሰሩ ውሳኔ ነው። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ፌርፓ የሚባለው ሕግ የተማሪን የትምህርት መረጃ ለሌላ ሰው አሳልፎ ከመስጠት ይከለክላል። ስለዚህ «እሱ ስንት አገኘ?» ወይም «ምን ተደረገ?» ብለው የሚጠይቁ የቡድን ጓደኞች መልስ ላያገኙ ይችላሉ። ኢሜይሉ መጠየቅ ያለበት ቲኤው ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በመግቢያ ስታቲስቲክስ ኮርስ አራት ተማሪዎች ስለ ተማሪዎች የእንቅልፍ ሰዓት ጥናት እንዲሠሩ ተመድበዋል። ሥራው ሴፕቴምበር 25 ተጀምሮ ኖቬምበር 6 ማስረከብ አለባቸው። አንዷ 60 መጠይቅ ታስሞላለች፤ ሁለተኛው መልሶቹን አጣርቶ ሰንጠረዥ ውስጥ ያስገባል፤ ሦስተኛዋ ከሰንጠረዡ ተነስታ ትተነትናለች፤ አራተኛው ጽሑፉን ያዘጋጃል። ሰንጠረዡ ኦክቶበር 9 መድረስ ነበረበት፤ አልደረሰም። ጉዳቱ የአንድ ሰው ድርሻ በመቅረቱ ብቻ አያበቃም፤ ሰንጠረዡ ከሌለ ተንታኟ የምትጀምረው ነገር የላትም፣ ጸሐፊውም የሚጽፈው ውጤት የለውም።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሐበሻ ተማሪ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። «አሳባቂ» ላለመባል ዝም ይላል፣ የጠፋውን ሰው ሥራ ሌሊት ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ ስሙንም ከሌሎቹ ጋር ጽፎ ያስረክባል። ንዴቱ የሚወጣው ማስረከቢያው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያኔ ግን ቲኤው ማድረግ የሚችለው ጥቂት ነው፤ የሚያየውም በአራት ስም የቀረበ ያለቀ ሥራ ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ አባላት እርስ በርስ የሚመዛዘኑበት ቅጽ ባለበት ኮርስም፣ ቀድሞ ምንም ሳይነገር ድንገት ዝቅተኛ ነጥብ መስጠት ቂም መስሎ ሊታይ ይችላል። በጊዜ የተጻፈ ኢሜይል ሲኖር ግን ያው ነጥብ ማስረጃ ይኖረዋል።

ሦስቱ ተማሪዎች ኦክቶበር 13 ማለትም ማስረከቢያው ከሦስት ሳምንት በላይ ሲቀረው ይጽፋሉ። ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ ቢሄድም ይዘቱ በአማርኛ ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፤ ርዕሱ «ስታቲስቲክስ፣ ክፍል 3፣ ቡድን 7፤ ስላልደረሰን ሥራ» ነው።

«ጤና ይስጥልን። በሥራ ክፍፍላችን መሠረት የ60ውን መጠይቅ መልስ አጣርቶ ሰንጠረዥ ውስጥ ማስገባት የእገሌ ድርሻ ነበር፤ ቀኑም ኦክቶበር 9። እስከ ዛሬ አልደረሰንም። ኦክቶበር 6 በቡድኑ ቻት ስናስታውሰው ‹ዛሬ ማታ እልካለሁ› ብሎን ነበር። ኦክቶበር 10 ለብቻው ኢሜይል ጻፍንለት፣ አልመለሰም። በ12 በነበረን ስብሰባም አልተገኘም። ምን እንደገጠመው አናውቅም። ትንተናው ያለ ሰንጠረዡ ስለማይጀመር ከነገ ወዲያ ጀምሮ ሥራውን ለሦስት ተካፍለን ልንሠራው አስበናል። ይህን ማድረግ እንችል እንደሆነ፣ እሱ ከተመለሰም የትኛውን ድርሻ ብንሰጠው እንደሚሻል ቢነግሩን። የሥራ ክፍፍላችንና የመልእክቶቹ ቅጂ ተያይዟል።»

ኢሜይሉ ውስጥ «ሰነፍ»፣ «ግድ የለሽ» የሚል ቃል የለም፤ ቀንና የተባለው ነገር ብቻ ተቀምጧል። በአማርኛ ደብዳቤ የለመድነው ረጅም ሰላምታና የጤና ጥየቃም የለም። በአንድ ቀን ብዙ ኢሜይል የሚያነብ ቲኤ የቡድኑን ቁጥር ከላይ ካላገኘው ተጨማሪ ጥያቄ ይልካል፤ አንድ ቀንም ይባክናል።

ከሁሉም በላይ ሚዛን የምትደፋው አጭሯ ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ምን እንደገጠመው አናውቅም» የምትለዋ። ልጁ ታሞ ሊሆን ይችላል፣ ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ኮርሱን አቋርጦ ለማንም ሳይናገር ቀርቷል። የተማሪዎች ዝርዝር በእጁ ያለ ቲኤ ኮርሱን ማቋረጡን በደቂቃ ያያል፤ የቡድን ጓደኞቹ ግን የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። ሰነፍ ብሎ የጻፈ ሰው በኋላ ነገሩ ሌላ ሆኖ ሲገኝ ያፍራል።

ቲኤው ብዙውን ጊዜ የሚያጣራው አንድ ነገር ደግሞ የቡድኑን የራሱን ጥፋት ያወጣል፤ ልጁ ሥራው የእሱ መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ? ሦስቱ አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነው ቻቱ ቀስ በቀስ ወደ አማርኛ ከዞረና አራተኛው ቋንቋውን የማያነብ ከሆነ፣ ዝም ያለው የተባለውን ስላላወቀ ነው። እንዲህ ያለ ቻት ቅጂው ተያይዞ ቢላክ የሚመሰክረው በላኪዎቹ ላይ ነው።

ማስረጃ ሲባል ተማሪዎች ቶሎ የሚሮጡት ወደ ጉግል ዶክስ ነው። «File» ከሚለው ሥር «Version history» ሲከፈት ማን፣ መቼ፣ የቱን መስመር እንደጻፈ በየስሙ ቀለም ይታያል። ነገር ግን መዝገቡ የሚያሳየው በዚያ ፋይል ላይ የተደረገውን ብቻ ነው። አንዱ በራሱ ኮምፒውተር የጻፈውን ሌላው ተቀብሎ ቢለጥፈው፣ ጽሑፉ በለጣፊው ስም ይመዘገባል። ሁለት ሰው አንድ ላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ ቢሠራም የሚታየው የአንዱ ስም ነው። ስለዚህ መዝገቡ በጽሑፍ ከተያዘው የሥራ ክፍፍል ጋር ካልተያያዘ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሥራ ክፍፍሉ በጽሑፍ ከሌለ ደግሞ ክርክሩ «ብለንሃል»፣ «አላላችሁኝም» ሆኖ ይቀራል።

ኢሜይሉን አንዷ ልካ ለሁለቱ ቅጂ ብታደርግ ሦስቱም መስማማታቸው ይታያል። ለጠፋው አባል ራሱ ቅጂ ማድረግ በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ብዙ አይመከርም፤ ሰው ፊት የተከሰሰ ሰው ከመመለስ ይልቅ መከራከር ይቀናዋል። ሆኖም ቲኤው ኢሜይሉን ለእሱ ሊያስተላልፍለት ስለሚችል፣ ፊቱ ሊነበብ የማይችል ነገር አይጻፍም።

በሁለት የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ የሚሻለው ሁለተኛ ኢሜይል መላክ ሳይሆን፣ የመጀመሪያውን ይዞ በቢሮ ሰዓት መሄድ ነው። ፕሮፌሰሩ ጋር የሚደረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያው ኢሜይል ከላይ አንድ መስመር ተጨምሮበት ይላካል።

ልጁ ከተመለሰም ሥራው አያልቅም። ሰንጠረዡን ሦስቱ ጨርሰውት ከሆነ «አግዘን» ማለት ብቻ ዋጋ የለውም፤ ሁለት ግራፍና ማብራሪያቸው ተለይተው ይሰጡታል፣ ቀኑ ይወሰናል፣ ይህም በቡድኑ ኢሜይል ተጽፎ ለቲኤው ቅጂ ይደረጋል።