የጎማ ቁጥር፦ መሃል ላይ ያለው 65 ምንድን ነው?

«አሥራ አምስት ጎማ አለህ?» ብሎ ሱቅ የሚገባ ሾፌር ከሦስት ቁጥሮች አንዱን ብቻ ነው የተናገረው። የቀሩት ሁለቱ ጎማው ጎን ላይ ተጽፈዋል። በብዙ የቤት መኪኖች ላይ የሚገኘውን 195/65R15 91H እንውሰድ።

የመጀመሪያው 195 የጎማው ወርድ ነው፤ ተነፍቶ ከጎን እስከ ጎን ሲለካ በሚሊ ሜትር። R ፊደሉ በውስጡ ያሉት ክሮች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው መዘርጋታቸውን ይገልጻል፤ የዛሬ የቤት መኪና ጎማ ሁሉ ለማለት ይቻላል እንዲህ ነው። 15 ደግሞ ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ዲያሜትር ነው፤ እሱ ግን በኢንች ይለካል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው 65 ላይ ነው። ይህ ቁጥር ሚሊ ሜትርም ኢንችም ሳይሆን መቶኛ ነው፦ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው የጎማ ከፍታ የወርዱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። የ195 65 በመቶ ወደ 127 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ወርዱ ሲጨምር፣ 65 ባይነካም እንኳ ከፍታው አብሮ ያድጋል።

አሁን ሻጩ «ያንተ የለም፣ ግን ያው አሥራ አምስት ነው» ብሎ 205/70R15 አቀረበ እንበል። ቸርኬው ላይ በትክክል ይገባል። የ205 70 በመቶ ግን 143 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። የቸርኬውን 381 ሚሊ ሜትር ከላይና ከታች ካለው ጎማ ጋር ስንደምር፣ የቀድሞው ጎማ ቁመት 63 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ የአዲሱ 67 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይሆናል። ልዩነቱ 5 በመቶ ነው። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው በእውነቱ 105 ይሄዳል ማለት ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ወይም መኪናው ጭነት ሲበዛበት ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል፤ የመፋተግ ድምፅና ጎማው ትከሻ ላይ የሚታይ ጭረት ምልክቶቹ ናቸው።

መጨረሻ ላይ ያለው 91H የአቅም መግለጫ ነው። 91 የኪሎ መጠን ሳይሆን የሰንጠረዥ ቁጥር ሲሆን፣ አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ እንደሚሸከም ያሳያል። H በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። መኪናው ከሚጠይቀው ከፍ ያለ ቢገኝ ችግር የለውም፤ ዝቅ ያለ ግን አይገዛም።

ጎማ ለመግዛት ስትሄዱ ያለውን አሮጌ ጎማ ብቻ አይታችሁ ቁጥር አትገልብጡ፤ ከእናንተ በፊት መኪናውን የያዘው ሰው ቀይሮት ሊሆን ይችላል። የሾፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ ወይም በሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ተመልከቱ፤ ከሌለም የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ እዩ። ለሻጩ የምትነግሩት ቁጥር እዚያ ያለው ነው።