የዳታ ኢንኮደር ፈተናና የማስያዣው ብር

በቴሌግራም ከሚዞሩት የሥራ ማስታወቂያዎች መካከል «ቤትዎ ሆነው ዳታ ያስገቡ» የሚለው አይጠፋም። ሥራው በእርግጥ አለ። ሆስፒታል የታካሚ ካርድ፣ የጥናት ድርጅት በወረቀት የተሞላ መጠይቅ፣ ነጋዴ የዕቃ ዝርዝርና ደረሰኝ ወደ ኤክሴል ወይም ሲኤስፕሮን ወደመሰለ ፕሮግራም የሚያስገባለት ኢንኮደር ይቀጥራል። ችግሩ አጭበርባሪውም እንደ እውነተኛው ቀጣሪ ስለ ጥራት ማውራቱና መፈተኑ ነው።

እውነተኛው ቀጣሪ ጥቂት ቅጾች ሰጥቶ ሰዓት ይይዛል፤ ከፍጥነት ይልቅ ግን የሚያየው ስሕተትን ነው። ወረቀቱ ላይ «ኃይሉ» የተባለው ሰው «ሀይሉ» ሆኖ ገብቷል? በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው የልደት ቀን እንደ ፈረንጆቹ ተቆጥሯል? ባዶ የተተወው ቦታ ላይ ዜሮ ተሞልቷል? 200 መጠይቆች እያንዳንዳቸው 30 ጥያቄ ካላቸው 6,000 መልስ ይገባል። 98 በመቶውን በትክክል ያስገባ ሰው 120 ስሕተት ሠርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ድርጅት አንዱን መጠይቅ ሁለት ሰዎች ለየብቻ እንዲያስገቡት ያደርጋል። ፕሮግራሙ ሁለቱን ያስተያያል፤ ከተለያዩ ወረቀቱ ወጥቶ ይታያል። ስሕተት እንደሚኖር አስቀድሞ ስለሚታወቅ የማረሚያው ወጪ የቀጣሪው ነው።

አጭበርባሪው ዘንድ ግን ገቢው የእርስዎ ስሕተት ነው። የተለመደው አካሄድ ይህን ይመስላል፤ በቴሌብር 1,500 ብር «ማስያዣ» ይልካሉ፤ 400 የደበዘዙ ገጾች ይደርስዎታል፤ በአምስት ቀን፣ 98 በመቶ በትክክል ተይቡ ይባላሉ። አንዱ ገጽ 300 ቃል ቢይዝ ሁሉም 120,000 ቃል ነው። በደቂቃ 40 ቃል የሚጽፍ ሰው 50 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያውም ሳያርፍና ሳያርም በቀን አሥር ሰዓት። ቢጨርሱም «መመዘኛውን አላሟሉም» ይባላሉ። የትኛው ቃል እንደተሳሳተ አያሳዩዎትም። ማስያዣው ይቀራል፤ አንዳንዱም ውል አፍርሰሃል ብሎ በጠበቃ እያስፈራራ ቅጣት ይጠይቃል።

ክፍያውንም ወደ ሰዓት መልሰው ያስሉት። አንዱ ቅጽ ሦስት ደቂቃ ከፈጀና 4 ብር ከተከፈለበት በሰዓት 80 ብር ይሆናል፤ ይበቃኛል ወይስ አይበቃኝም ብሎ መወሰን ይቻላል። ለአንድ ገጽ 100 ብር የሚል ግን ለ400 ገጽ 40,000 ብር ቃል ገብቷል። ይህን ያህል የሚከፍል ሰው 1,500 ብርዎን ምን ያደርግለታል?

መመዝገቢያ፣ ሥልጠና፣ ሶፍትዌር እያሉ ስሙን ቢለዋውጡትም ያው ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ በመርሕ ይከለክላል።

ከፍለው ከሆነ ሁለተኛውን ክፍያ አይላኩ። የቴሌብር ደረሰኙንና የተጻጻፉትን ሳያጠፉ ይዘው ወደ ፖሊስ ይሂዱ።