የሰርግ ቀን በአምስት ደቂቃ

ከአንድ ሰርግ የብዙ ሰዓት ቀረጻ ይሰበሰባል። ሃይላይት ፊልም ከዚያ ሁሉ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ብቻ ስለሚወስድ፣ የሚነገረው ታሪክ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት መታወቅ አለበት።

በአዲስ አበባ ሰርግ ዋና ዋናዎቹ ክንውኖች የታወቁ ናቸው፤ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሙሽሪትን ሊወስድ ይመጣል፣ ወላጆች ይመርቃሉ፣ የሃይማኖት ሥርዓቱ ይፈጸማል፣ ከዚያ ፎቶ፣ አዳራሽ፣ በኋላም መልስ። የቀረጻ ዕቅድ እነዚህን ከነሰዓታቸው ይይዛል። ትልቁ ቁም ነገር ግን የማይደገመውን መለየት ነው። ኬክ ቆረሳው ቢያመልጥ ቢላዋውን መልሶ ማስያዝ ይቻላል፤ ሙሽሪት የእናቷን ጉልበት ስትስም ያመለጠ እንባ አይመለስም።

የሙሽሪት ቤት ደጃፍም እንዲሁ ነው። እህቶቿና ጓደኞቿ በር ዘግተው እየዘፈኑ ሙሽራውን ሲከለክሉ፣ አንዱ ካሜራ ከሴቶቹ ኋላ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ከሙሽራው ጎን ውጭ ይቆማል። ካሜራው አንድ ብቻ ከሆነ ውስጥ መቆሙ ይሻላል፤ በሩ ሲከፈት የሙሽራው ፊት የሚታየው ከዚያ ነው። ቀረጻው መቋረጥ የለበትም፤ ዘፈኑ ተቆራርጦ ከተቀዳ ምስሎቹን የሚያያይዝ ድምፅ ይጠፋል። ያ ሁሉ ግርግር በፊልሙ ውስጥ ሰላሳ ሰከንድ ቢያገኝ ይበቃዋል።

ታሪኩን የሚሸከመው ቃለ መጠይቁ ነው። ሙሽሮቹ ከሰርጉ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ለየብቻቸው ይጠየቃሉ፤ በዕለቱ ልባቸው አያርፍም። እናትም እንዲሁ ድግሱ ሳይጀመር ጸጥ ባለ ክፍል ትቀመጣለች። ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ይጠፋሉ። ማይኩ ደረቷ ላይ ሲሰካ ነጠላዋ እንዳይነካው መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ጨርቁ ሲፈትገው የሚሰማውን ኮሽታ በኤዲቲንግ ማጥፋት ከባድ ነው። ባለሙያው በጆሮ ማዳመጫ እየተከታተለ ከሆነ ግን እዚያው ያስተካክለዋል።

«ደስ አለዎት?» ተብላ የተጠየቀች እናት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትዘጋዋለች። «ልጅዎ እሱን መጀመሪያ ይዛ የመጣች ቀን ምን አሰቡ?» ሲባል ግን ታሪክ ይመጣል። የጠያቂው ድምፅ ከፊልሙ ስለሚወጣ፣ «ልጄ እሱን ይዛ የመጣች ቀን...» ብላ ከጥያቄው ጀምራ እንድትመልስ አስቀድሞ ይነገራታል።

ኤዲቲንጉ ላይ መጀመሪያ የሚደረደረው ድምፅ ነው፤ ምስሉ ይከተላል። የእናት ድምፅ ሙሽሪት ጸጉሯን ስትሠራ ጀምሮ ጉልበት ስትስም ካበቃ፣ ሁለቱ ትዕይንቶች ያለ ማብራሪያ ይያያዛሉ። ሙዚቃው ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል። ሥራው ሲያልቅ ዓይንን ጨፍኖ ማዳመጥ ይገባል፤ ማን ማንን እንዳገባና ቤተሰቡ ምን እንደተሰማው ካልተሰማ፣ የድምፁ ድርደራ እንደገና መሠራት አለበት።