አክሲዮኑ ይመለስ ይሆናል፤ ገንዘብህስ?

ውድ ወንድሜ፣

«ቢወርድም አልሸጥም፤ እስኪመለስ እጠብቃለሁ» ያልከው በራሱ ገንዘብ ለገዛ ሰው ያስኬዳል። አንተ ግን ግማሹን ከብሮከሩ ልትበደር ነው። ተበድሮ የገዛ ሰው መቼ እንደሚሸጥ ሁልጊዜ ራሱ አይወስንም።

በቁጥር ላሳይህ። በ10,000 ዶላርህ ላይ ሌላ 10,000 ተበድረህ፣ የአንድ ኩባንያ 200 አክሲዮን እያንዳንዱን በ100 ዶላር ገዛህ እንበል። እዚህ አሜሪካ የፌዴራል ሪዘርቭ ደንብ ለተራ ገዢ የሚፈቅደው ጣሪያ ይኸው ግማሽ ነው። ዋጋው 10 በመቶ ቢጨምር አንተ 20 በመቶ ታተርፋለህ፤ ጓደኞችህ የሚያወሩልህ ይህችን ብቻ ነው። ወደ 80 ቢወርድስ? አክሲዮኖቹ 16,000 ያወጣሉ፤ ዕዳህ ግን ያው 10,000 ነው። አክሲዮኑ 20 በመቶ ሲወርድ ካንተ ገንዘብ 40 በመቶው ሄደ። ወለዱን ገና አልቆጠርኩም።

ለቤት መግዣ ያበደረ ባንክ ወርሃዊ ክፍያህን እስከከፈልክ ድረስ የቤቱን ዋጋ በየቀኑ አያስገምትም። ብሮከር ግን በየቀኑ ያሰላል። ከዕዳው የተረፈው ያንተ ድርሻ ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 25 በመቶ መሆን አለበት፤ ብዙዎቹ 30 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። በ30 በመቶ ብንሄድ፣ ዋጋው ወደ 71 ዶላር ገደማ ሲወርድ «ገንዘብ ጨምር» የሚል ጥሪ ይመጣል። ማርጂን ኮል የሚሉት ይህን ነው።

ኩባንያው ማታ መጥፎ ሪፖርት አውጥቶ አክሲዮኑ ጠዋት በ60 ዶላር ቢከፈትስ? ድርሻህ 2,000 ብቻ ይሆናል፤ መሆን የነበረበት 3,600 ነው። የጎደለውን 1,600 ካላስገባህ ብሮከሩ ይሸጥልሃል። ብዙ ሰው የ1,600 ዶላር አክሲዮን ብቻ የሚሸጥ ይመስለዋል። ሽያጩ ግን ዕዳህን ይቀንሳል እንጂ ድርሻህን አያሳድግም። 2,000 ዶላርህ 30 በመቶ እንዲሆን 89 አክሲዮን፣ ከያዝከው ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው፣ በ60 ዶላር መሸጥ አለበት።

አሁን ዋጋው ወደ 100 ተመለሰ እንበል። የቀሩህ 111 አክሲዮኖች 11,100 ያወጣሉ፤ 4,660 ዕዳ ሲቀነስ 6,440 ይተርፍሃል። ሳይበደር በ10,000 ዶላሩ የገዛው ጎረቤትህ ገንዘቡ ሙሉ ነው። አንተ ገበያው እንዳልከው ተመልሶም 3,560 ዶላር ከስረሃል። ዋጋው ድንገት ከ50 በታች ከወደቀ ደግሞ ያለህን ሁሉ አጥተህ ባለዕዳ ትሆናለህ።

የምትፈርመውን ውል በደንብ አንብበው። ብሮከሩ ሳይደውልልህም ሊሸጥ፣ የትኛውን አክሲዮን እንደሚሸጥ ራሱ ሊመርጥ፣ የሚጠይቀውንም መቶኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ተጽፎ ታገኘዋለህ። እኔን ከሰማኸኝ፣ በጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚገዛበትን ሒሳብ ክፈትና 100 አክሲዮን ግዛ። ያኔ እጠብቃለሁ ማለት ትችላለህ።

እህትህ