ሊጥ አይጠብቅም፣ አተር ይጠብቃል

አንዲት ጎረቤቴ እናቷ በስትሮክ ግማሽ ጎናቸው ከተያዘ በኋላ ሥራዋን ትታ ቤት ገባች። ገቢ ስትፈልግ መጀመሪያ የታያት እንጀራ መሸጥ ነበር። ምጣድ አላት፣ ደንበኛም አላጣችም። አንድ ማለዳ ግን ጋገራው መሀል ላይ እናቷ ተጣሩ። ልብሳቸውን ቀይራ፣ አጣጥባና አገላብጣ ስትመለስ ምጣዱ ላይ የነበረው አሯል፤ ምግብ ቤቱ የላከው ልጅም በር ላይ ቆሟል። የቦካን ሊጥ ደግሞ ለነገ ይቆይ ማለት አይቻልም። በወሩ ተወችው።

አስታማሚ ሥራ ሲመርጥ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «የቱ የተሻለ ገንዘብ አለው?» ብሎ ነው። እኔ ግን መቅደም ያለበት «መሀል ላይ ጥዬው ብነሳ ምን ይበላሻል?» የሚለው ነው እላለሁ። ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ ታማሚ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባቸው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎናቸው መቀየር አለበት። በመሀል መድኃኒት አለ፣ ማጉረስ አለ፣ ድንገት መጠራት አለ። ስለዚህ ቀኑ ሙሉ ቤት ውስጥ ቢዋልም የሚገኘው ጊዜ ቁርጥራጭ ነው።

ጎረቤቴ ኋላ የያዘችው ሽሮ ማዘጋጀትን ነው። አተር መልቀም አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የሚሠራ ነው፤ ሰፌዱን አስቀምጦ መነሳት ይቻላል፣ አተሩ የትም አይሄድም። ማበጠሩም፣ ቅመም ማጽዳቱም፣ በየከረጢቱ መመዘኑም እንደዚያው። ጥሎ መነሳት የማይቻለው ቁላው ላይ ነው። ትንሽ ካረረ ሽሮው ይመራል፤ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። እሷ አንዴ ብዙ ከመቁላት በሩብ ሰዓት የሚያልቅ መጠን እያደረገች፣ እናቷ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ትቆላለች። ብትጠራም የምታወርደው አንድ ብረት ምጣድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አደጋ እርጥበት ነው። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በደንብ ሳይደርቅ ከተፈጨ ሽሮው ይሻግታል፣ በተለይ ክረምት ላይ። ሻጋታ ከሚያመጣቸው መርዞች አንዱ የሆነው አፍላቶክሲን በቤት ማብሰያ እሳት አይጠፋም፤ የሻገተ ይጣላል እንጂ ተመልሶ ደርቆ አይሸጥም። መድረቁ የሚታወቀው ሲሰብሩት ነው፤ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከታጠፈ ገና ነው። በርበሬውን ግን ደርቆ የተዘጋጀውን መግዛት ይሻላል። ብናኙ ጤነኛውንም ያስላል፤ ታማሚው አስም ወይም የሳንባ ችግር ካለበት ቤት ውስጥ በርበሬ መደለዝ ጨርሶ አይታሰብም።

ብዙዎች ሳያውቁት የሚከስሩት ሒሳቡ ላይ ነው። ለስሌት ያህል፣ 10 ኪሎ አተር ተገዝቶ ከቆሻሻውና ከገለባው በኋላ 8 ኪሎ ቀረ እንበል። በርበሬ፣ ቅመምና ጨው 2 ኪሎ ጨመሩበት፤ ወፍጮው ግማሽ ኪሎ አስቀረ። በእጅ ያለው 9 ኪሎ ተኩል ነው። እህሉ፣ ቅመሙ፣ ማስፈጫው፣ ከሰሉና ከረጢቱ ተደምረው 3,800 ብር ከወጣባቸው አንዱ ኪሎ 400 ብር ፈጅቷል። ወጪውን መጀመሪያ ለተገዛው 12 ኪሎ ያካፈለች ሴት ግን 317 ብር ገደማ ወጣብኝ ብላ በ350 ትሸጣለች። አተረፍኩ እያለች በየኪሎው 50 ብር ትከስራለች። ሚዛን ላይ መውጣት ያለበት ከወፍጮ ቤት የተመለሰው ነው።

ገዢው ደጃፍ ድረስ መምጣት አለበት፤ እሷ ይዛ መዞር አትችልም። ጎረቤቴ የምትሸጠው ለእድር አባላትና ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ዘመዳቸው ስንቅ ለሚልኩ ቤተሰቦች ነው። የኋለኞቹ አንዴ 5 ኪሎም 10 ኪሎም ያዛሉ። ግማሹን ቀብድ ካልተቀበለች አትጀምርም፤ ልክ ናት ባይ ነኝ።

ታማሚው ታይፎይድ፣ ተቅማጥ ወይም ሌላ በእጅና በምግብ የሚተላለፍ ሕመም ካለበት ግን አስታማሚው ለሰው የሚሸጥ ምግብ መንካት የለበትም። ለእንዲህ ያለው ቤት ፈትል ይሻላል። ባዘቶ ገዝቶ ማግ መፍተል ጸጥ ያለ ሥራ ነው፤ እንዝርቱን አስቀምጦ መነሳት ይቻላል። ገንዘቡ ያነሰ ነው፣ እጅም እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል።

ሽሮው ላይ አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። አተሩን ለማስከካት አንዴ፣ ሽሮውን ለማስፈጨት አንዴ፣ ሁለቴ ወፍጮ ቤት መሄድ ግድ ነው፤ ወረፋውም አለ። ክኩን ገዝቶ አንዱን ጉዞ ማስቀረት ይቻላል፣ ዋጋው ግን ይጨምራል። አስታማሚ ጎረቤት ያላችሁ፣ ሽሮዋን ባትገዙ እንኳ ወፍጮ ቤት በምትሄድበት ቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ከታማሚው ጋር ተቀመጡላት።