ሥራ ሳይቆም ዳታቤዝ መለወጥ

የብሪታንያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዜጎቻቸው ኢሜይልና አጭር የስልክ መልእክት የሚልኩበት ጎቭ ዩኬ ኖቲፋይ የሚባል የጋራ አገልግሎት አለ። ይህ አገልግሎት 400 ጊጋባይት ገደማ የነበረውን ዳታቤዙን ከፖስትግሬስ 11 ወደ ፖስትግሬስ 15 ሲያሻግር ሥራው የተቋረጠው ለ11 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ያን ያህል መረጃ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ መቅዳት ራሱ ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ፣ ቁጥሩ መጀመሪያ ሲሰሙት አይታመንም። ምስጢሩ ቅጂው ያለቀው ማንም ሳያውቀው፣ አሮጌው ዳታቤዝ ሥራ ላይ እያለ መሆኑ ነው።

የፖስትግሬስ ባለሙያዎች በየዓመቱ አንድ ትልቅ ቨርዥን ያወጣሉ፤ እያንዳንዱም ለአምስት ዓመት ያህል ይጠገናል። ፖስትግሬስ 11 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ጥገናው አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝበትም የሚደፍነው የለም። ችግሩ አዲሱን ፕሮግራም ጭኖ የአሮጌውን ፋይል እንዲከፍት ማዘዝ አለመቻሉ ነው፤ ከአንድ ትልቅ ቨርዥን ወደ ሌላው ሲኬድ ዳታው ዲስክ ላይ የሚቀመጥበት አሠራር ሊለወጥ ይችላል። pg_upgrade የሚባል መሣሪያ ይህን ባለበት ማሽን ላይ ይሠራል። ፈጣን ነው፤ ሆኖም ዳታቤዙ መዘጋት አለበት፤ በተለይ ፋይሎቹን ሳይቀዳ በሚያጋራበት አሠራር አዲሱ አንዴ ከተነሣ በኋላ ወደ አሮጌው መመለሻ የለም። ሌሊት ግማሽ ሰዓት መዝጋት ለሚችል ድርጅት ግን እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ቀላል ነገር እያለ ማወሳሰብ ለምን?

መዝጋት የማይችል ሁለት ማሽን ያዘጋጃል። በአንዱ አሮጌው ይሠራል፤ በሌላው አዲሱ ባዶ ሠንጠረዦቹን ይዞ ይጠብቃል። አዲሱ መጀመሪያ ያለውን መረጃ በሙሉ ይቀዳል፤ ቀጥሎም አሮጌው ላይ የሚገባውን፣ የሚታረመውንና የሚሰረዘውን እያንዳንዱን ረድፍ በሰከንድ ክፍልፋይ ልዩነት ይከተላል። ይህ ሎጂካል ሪፕሊኬሽን ይባላል፤ ፖስትግሬስ ውስጥ አብሮ የመጣው በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ቨርዥን 10 ነው። የሚያስተላልፈው ፋይሉን ሳይሆን የረድፉን ይዘት ስለሆነ የሁለቱ ማሽኖች ቨርዥን መለያየቱ ችግር አይሆንም።

የማይሻገሩ ነገሮች ግን አሉ። ዋና ቁልፍ የሌለው ሠንጠረዥ እዚህ ውስጥ ከገባ አሮጌው ዳታቤዝ ላይ ማረምና መሰረዝ ወዲያው ይከለከላል፤ ገና ዝግጅት ላይ ነን ሲባል ሥራው የሚቆመው በዚህ ነው። ሠንጠረዥ ላይ አዲስ ዓምድ ቢጨመርም ለውጡ በራሱ አይከተልም፤ ስለዚህ እስከ መሻገሪያው ቀን የሠንጠረዦቹ ቅርጽ ባለበት ይቆያል። ከሁሉም የሚረሳው ግን ተራ ቁጥር ነው። አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ትዕዛዞቹን በ orders ሠንጠረዥ ይመዘግባል እንበል፤ የመጨረሻው ትዕዛዝ 4,820,000ኛው ነው። ረድፎቹ በሙሉ ወደ አዲሱ ይሻገራሉ። ቀጣዩን ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ ግን አይሻገርም፤ አዲሱ ዳታቤዝ ውስጥ ገና 1 ላይ ነው። ከመሻገሪያው በኋላ የመጀመሪያው ደንበኛ ሲያዝ ዳታቤዙ 1 ቁጥርን ሊሰጠው ይሞክራል፤ ቁጥሩ የተያዘ ስለሆነም ትዕዛዙን ይመልሰዋል። መድኃኒቱ አንድ ትእዛዝ ነው፤ መሻገሪያው ላይ ይሰጣል፦

```sql
SELECT setval('orders_id_seq',
  (SELECT max(id) FROM orders) + 1000);
```

የመሻገሪያዋ ቅጽበት እንግዲህ አጭር ናት። ፕሮግራሞቹ አሮጌው ላይ እንዳይጽፉ ይታገዳሉ፤ አዲሱ የቀረውን ለውጥ እስኪጨርስ ይጠበቃል፤ ቆጣሪዎቹ ይስተካከላሉ፤ ፕሮግራሞቹ ወደ አዲሱ አድራሻ ይዞራሉ። አዲሱ መድረሱን በምን ያውቃሉ? ቀላሉ ዘዴ አሮጌው ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ አንድ ረድፍ መለወጥና ለውጡ አዲሱ ላይ እስኪታይ መጠበቅ ነው። ለውጦች በቅደም ተከተላቸው ስለሚደርሱ፣ ያ ረድፍ ከታየ ከእሱ በፊት የነበረው ሁሉ ደርሷል ማለት ነው።

እስካሁን ያልነው ስለ መረጃው ነው። ከባዱ ግን መረጃውን የሚጠይቁት ኩዌሪዎች ናቸው፤ ከነሱም ውስጥ ስህተት ብሎ የሚጮኸው ብዙም አያሳስበኝም፣ ወዲያው ስለሚታይ። የሚያስፈራው ሳይጮኽ የሚለወጠው ነው።

አንዱ ፍጥነቱ የሚለወጠው ነው። እስከ ፖስትግሬስ 11 ድረስ በ WITH የተጻፈ ንዑስ ጥያቄ ሁልጊዜ ለብቻው ተሠርቶ ውጤቱ ተቀምጦ ነበር የሚያልፈው። ከ12 ጀምሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ከተጠቀሰ ዳታቤዙ ከዋናው ጥያቄ ጋር አዋህዶ ያቅደዋል። ብዙ ጊዜ ይህ ያፈጥናል። ይሁንና የድሮ ፕሮግራመሮች ዳታቤዙ መጥፎ ዕቅድ እንዳይመርጥ ሆን ብለው በ WITH ያጠሩት ነበር፤ አጥሩ ሲነሣ በ40 ሚሊ ሰከንድ ያልቅ የነበረ ሪፖርት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። አጥሩን መልሶ ለማቆም አንድ ቃል ይበቃል፦

```sql
WITH recent AS MATERIALIZED (
  SELECT * FROM orders
  WHERE created > now() - interval '1 day')
SELECT ...
```

ሌላው የመልሱ ዓይነት የሚለወጠው ነው። ከቀን ላይ ዓመትን ወይም ሰከንድን የሚያወጣው EXTRACT እስከ 13 ድረስ ተንሳፋፊ ቁጥር ይመልስ ነበር፤ ከ14 ጀምሮ ግን numeric የሚባለውን ትክክለኛ አስርዮሽ ይመልሳል። ዳታቤዙ ራሱ ምንም አይልም። ውጤቱን የሚቀበለው የፓይተን ፕሮግራም ግን ከ float ጋር ሲደምረው ይወድቃል፤ ያውም ስህተቱ የሚታየው ከዳታቤዙ ርቆ ስለሆነ ፍለጋው ሌላ ቦታ ነው የሚጀመረው።

ስለዚህ ፍተሻው ከመሻገሪያው ቀን በፊት፣ አዲሱ ማሽን ገና እየተከተለ ሳለ ይካሄዳል። pg_stat_statements የሚባለው ተጨማሪ መሣሪያ አሮጌው ላይ ከተጫነ የትኛው ኩዌሪ ስንት ጊዜ እንደተጠራና በድምሩ ስንት ጊዜ እንደወሰደ ይመዘግባል። ከዝርዝሩ አናት ያሉት ተወስደው በሁለቱም ማሽኖች ላይ ይሮጣሉ፤ ዕቅዳቸውም በ EXPLAIN (ANALYZE, BUFFERS) ጎን ለጎን ይታያል። አሮጌው በኢንዴክስ የሚደርስበትን ሠንጠረዥ አዲሱ ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው ከሆነ ምርመራው እዚያ ላይ ይጀምራል። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ግን አዲሱ ቨርዥን ላይ መውደቅ የለበትም፦ አዲሱ ማሽን ላይ ANALYZE ካልተሰጠ ዳታቤዙ የሠንጠረዦቹን ይዘት በውል ስለማያውቅ በግምት ያቅዳል። የመጀመሪያው ሩጫም መረጃው ማስታወሻ ላይ ገና ስላልወጣ ይዘገያል፤ የሚለካው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው።

መልሶቹን ለማነጻጸር ደግሞ ሁለቱንም ውጤቶች ፋይል ላይ አውጥቶ ማስተያየት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጣል፤ ORDER BY የሌለው ኩዌሪ በሁለቱ ማሽኖች በተለያየ ቅደም ተከተል ይመልሳልና። ፖስትግሬስ ቅደም ተከተሉን ቃል ገብቶ አያውቅም፤ ከማነጻጸር በፊት ሁለቱንም መደርደር ነው። ፕሮግራሙ በዚያ የአጋጣሚ ቅደም ተከተል ላይ ተመሥርቶ ከሆነ ግን ስህተቱ የቆየ ነው፤ አሁን ተገለጠ እንጂ።

ከተሻገሩ በኋላ አቅጣጫውን ገልብጦ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ማስተላለፍ ይቻላል፤ ያኔ ነገሩ ቢበላሽ ዛሬ የገባውን ትዕዛዝ ሳያጡ መመለስ ይቻላል። ይህን መስመር ለማዘጋጀት የተመቸው ጊዜ አዲሱ ላይ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ነው። አሮጌው ማሽን መቼ ይጥፋ የሚለው ላይ ሰዎች ይለያያሉ። እኔ የወር መጨረሻው ሪፖርት አዲሱ ላይ እስኪወጣ እጠብቅ ነበር፤ በወር አንዴ ብቻ የሚሮጠው ኩዌሪ በዝርዝሩ አናት ላይ አይገኝም።